«እየደረስኩ ነው» የሚባለው የት ሲደረስ ነው?

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቢሮዬ ጎተራ አካባቢ ነው። በቀደም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስብሰባ ነበረን። 2፡50 ላይ ቃሊቲ ሆኜ ለኃላፊዬ ‹እየደረስኩ ነው፣ 10 ደቂቃ› ብዬ ጻፍኩላቸው። የገባሁት 3፡35 ላይ ነው። ‹ለምን ትዋሺኛለሽ?› ብለው ተቆጡኝ። እኔ ግን እውነትም መንገድ ላይ ነበርኩ። ጥፋቱ የቃሉ ነው ወይስ የእኔ? መቼና ምን ብዬ መጻፍ ነበረብኝ?»

አንቺ አልዋሸሽም፤ ኃላፊሽም መቆጣታቸው አይፈረድባቸውም። አንቺ የጻፍሽው ግስና እሳቸው ያነበቡት ግስ አልተገናኙም።

«መምጣት» መንገድ ያለው ግስ ነው። ቤትሽን ቆልፈሽ ከወጣሽበት ደቂቃ ጀምሮ እየመጣሽ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ሰልፍ ላይ ቆመሽም እየመጣሽ ነው። «መድረስ» ግን የመንገዱ ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ «እየደረስኩ ነው» ሲባል አንባቢው የሚታየው ያ ጫፍ ነው፤ ሂሳብ ተከፍሏል፣ «ወራጅ አለ» ሊባል ነው። ገና ሳሪስን ላላለፈ ሰው ይህ ቃል ይሰፋዋል። «እየመጣሁ ነው» ብትዪ እውነት ይሆን ነበር፤ ጉዳቱ ምንም የማይነግር እውነት መሆኑ ነው።

በአፍ ሲሆን ይህ ሁሉ ይላላል። እናት ከጓዳ ስትጣራ ልጅ ብርድ ልብሱን ሳይገልጥ «መጣሁ!» ይላል። እንግዳም «በቃ ሄድኩ» ብሎ ሁለተኛውን ስኒ ይቀበላል። ያለቀ ነገር የሚናገረውን ግስ ገና ላልተጀመረ ነገር ማዋል አማርኛ የኖረበት ነው፤ ማንም ሰው ውሸታም አይባልበትም። የማይባለው ግን ሰሚው ተናጋሪውን ስለሚያየው ወይም ስለሚሰማው ነው። ስልክ ብትደውዪላቸው ኖሮ ከጀርባሽ የረዳቱን ጩኸት ሰምተው ነገሩን ራሳቸው ይገምቱት ነበር። በጽሑፍ ግን የተጻፈውን ከማመን ሌላ ምርጫ የላቸውም።

ትልቁ ችግር ግን «እየደረስኩ ነው» አይደለም፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው «10 ደቂቃ» ነው። እስኪ ሰዓቱን እዪው። 2፡50 ላይ ጻፍሽ፤ ስብሰባው 3 ሰዓት ነው። ያ 10 ደቂቃ መንገዱ የሚፈጀው አይደለም፤ ለስብሰባው የቀረው ነው። የዘገየ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ሳይሆን ስንት ደቂቃ እንደቀረው አይቶ ይጽፋል። በከተማችን አፍ ደግሞ «አምስት ደቂቃ» እና «10 ደቂቃ» ቁጥርነታቸውን ጥለው «ትንሽ ታገሰኝ» ከሆኑ ቆይተዋል። የአንቺ 10 ደቂቃ ልመና ነበር፤ እሳቸው ግን ቆጠሩት።

ከመቼ ጀምረው ቆጠሩት? ይህም አንድ ጥያቄ ነው። «አሁን»፣ «ከ10 ደቂቃ በኋላ»፣ «ትንሽ ቆይቼ» የሚባሉት ሁሉ ትርጉማቸው የተነገሩበት ቅጽበት ላይ የታሰረ ነው። በአፍ ስትናገሪ የንግግሩና የመስማቱ ቅጽበት አንድ ነው። መልእክት ግን ስልክ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ኃላፊሽ ስልካቸውን ያዩት 3፡05 ላይ ከሆነ አንቺን የሚጠብቁት እስከ 3፡15 ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ሲሆን ርዝመቱን ትተሽ ሰዓቱን ጻፊ። «30 ደቂቃ ይፈጅብኛል» እንደተነበበበት ጊዜ ይለዋወጣል፤ «3፡30» ግን መቼም ቢነበብ ያው 3፡30 ነው።

ሰዓቱን በምን ቃል እንደምታስሪውም ለውጥ አለው። «3፡30 አካባቢ እደርሳለሁ» ብዙ ሰው የሚወደው አባባል ነው። እኔ አልወደውም። «አካባቢ» ወደፊትም ወደኋላም ክፍት ስለሆነ 3፡50 ላይ የገባ ሰውም «አካባቢ ነው ያልኩት» ይላል። «ከ3፡30 አላልፍም» ቃል መግባት ነው፤ ጣሪያ አለው። «ከ3፡30 በፊት አልደርስም» ደግሞ ወለሉን ይነግራል። ይህን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ተስፋ ማስቆረጥ ይመስላላ! ለሚጠብቀው ሰው ግን ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። በር በሩን ማየቱን ትቶ ሻዩን ያዛል፣ ሌላ አጀንዳ ያስቀድማል።

እንግዲህ ያንን ጠዋት እንደገና እናስበው። 2፡50 ላይ ቃሊቲ ነሽ። መጀመሪያ መንገዱን ገምቺ፤ ግን መንገዱ ጭር ባለበት እሑድ አይሁን፤ በሥራ ቀን ጠዋት በሚፈጅብሽ አስቢው። የቸኮለ ሰው ትዝ የሚለው ሁልጊዜ ያ መልካም ቀን ነው። ከቃሊቲ ጎተራ በተዘጋ መንገድ 35 ደቂቃ ይፈጅብኛል ብትዪ፣ 3፡25 ላይ ከታክሲ ትወርጃለሽ። ከታክሲ ወርዶ መድረስ ግን ስብሰባው ላይ መድረስ አይደለም። የእግር መንገዱ አለ፣ በር ላይ ፍተሻው አለ፣ አሳንሰሩ ጋ መቆሙ አለ። ለዚህ 10 ደቂቃ ብትጨምሪ 3፡35 ይሆናል። በላዩ ላይ ትንሽ መጠባበቂያ ጨምረሽ «ከ3፡40 አላልፍም» ብለሽ ብትጽፊ ኖሮ፣ በገባሽበት በዚያው በ3፡35 «ካለችው ቀድማ መጣች» ይባልልሽ ነበር። ያው 35 ደቂቃ መዘግየት ነው፤ የተለወጠው የጻፍሽው ሰዓት ብቻ ነው።

መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

«እዘገያለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን 2፡50 ቃሊቲ ነኝ፣ መንገዱ ተዘግቷል። ከ3፡40 አላልፍም። እባክዎ ሳይጠብቁኝ ይጀምሩ፤ የእኔን ሪፖርት መጨረሻ ላይ ቢያደርጉልኝ።»

ሰላምታውን የተውኩት ባለጌ ሆኜ አይደለም። ስልክ ላይ ቀድመው ብቅ የሚሉት የመጀመሪያዎቹ ቃላት ናቸው። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ፣ እንደሚታወቀው ዛሬ ጠዋት…» ብለሽ ከጀመርሽ ኃላፊሽ ስብሰባ መሃል ስልካቸውን ገልመጥ አድርገው የሚያዩት ሰላምታሽን ብቻ ነው። አክብሮቱ በግሱ ላይ ይታያል። «ይጀምሩ»፣ «ያድርጉልኝ»፣ «ቢያደርጉልኝ» እያልሽ እንዴት ሆኖ ድፍረት ይሆናል? መጠንቀቅ ያለብሽ ከ«ይጠብቁኝ» ነው። በአንቱታ ቢነገርም ትእዛዝ ነው፤ የዘገየ ሰው ደግሞ አዛዥ አይሆንም።

ሌላው «ብኝ» የምትባለው ቅጥያ ናት። «ረፈደብኝ»፣ «ታክሲ ጠፋብኝ»፣ «መንገዱ ተዘጋጋብኝ»። በእነዚህ ሁሉ አድራጊው ሌላ ነው፤ አንቺ የተበደልሽ ነሽ። አንዷ ብትገባ አይከፋም፤ መንገዱም እኮ በእውነት ይዘጋል። ሦስቱ ተደርድረው ከመጡ ግን መልእክቱ ማስታወቂያ መሆኑ ቀርቶ የተከሳሽ መልስ ይሆናል። በራስሽ ስም «እዘገያለሁ» በዪ፣ ምክንያቱን በአንድ ሐረግ ጥቀሽና እለፊ።

«አረፍዳለሁ» ብልስ ትዪ ይሆናል። ለጠዋት ስብሰባ ምንም አይለውም፤ ቃሉ ራሱ ከረፋድ ጋር የተዛመደ ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ለተቀጠረ ስብሰባ «አረፈድኩ» የሚል ዛሬ ብዙ ሰው አለ፤ ትልልቅ ሰዎች ግን ፈገግ ይሉበታል። «መዘግየት» ለየትኛውም ሰዓት ይሆናል።

የመላኪያው ጊዜን በተመለከተ፣ 2፡50 በጣም የዘገየ ነው ባልልም የመጀመሪያ መልእክትሽ መሆን አልነበረበትም። ስብሰባው እንደሚያመልጥሽ ያወቅሽው ቃሊቲ ላይ አይመስለኝም። ምናልባት 2፡20 ላይ ሰልፉ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር አውቀሽዋል፤ ግን «ታክሲ ከመጣ እደርስ ይሆናል» እያልሽ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ተውሽው። ያኔ መድረሻሽን በትክክል መናገር አትችዪም፤ ወለሉን ግን ትችያለሽ። «ገና ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ከ3፡30 በፊት የምደርስ አይመስለኝም። ታክሲ ስገባ ሰዓቱን እጽፍልዎታለሁ» ይበቃል። ኃላፊሽ በ40 ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር ማስተካከል ይችላሉ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ግን መቆጣት ብቻ ነው የሚችሉት። በሌላ በኩል ደግሞ ከቤት ሳትወጪ 1 ሰዓት ላይ «ምናልባት ልዘገይ እችላለሁ» ብለሽ አትጻፊ። ከኮዬ ፈጬ ለሚነሳ ሰው እሱ የየቀኑ ወሬ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከላክሽው ሦስተኛውን የሚያነብልሽ የለም።

መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ የውጭ ሰዎች ካሉ፣ ወይም የስብሰባው ጥሪ የመጣው በስልክ ካላንደር ከሆነ፣ ሰዓቱ የማን ሰዓት እንደሆነ ጨምሪበት። ካላንደሩ 9፡00 ብሎ ያስቀመጠውን ስብሰባ አንቺ «ከ3፡40 አላልፍም» ብትዪው ከሰዓት በኋላ የሚጠብቅሽ አይጠፋም። «ጠዋት 3፡40 በእኛ» ካልሽ ያልቃል።

3፡40 ብለሽ ጽፈሽ ሳሪስ ላይ መኪናው ቢቆምስ? ሰዓቱ ከማለፉ በፊት አንድ ጊዜ አስተካክዪ፦ «3፡40 ያልኩት አልሆነም፤ 4 ሰዓት ይሁን።» ይህን ከጻፍሽ በኋላ በየአምስት ደቂቃው «ሳሪስ ነኝ»፣ «አለፍኩ»፣ «እየወረድኩ ነው» አያስፈልግም። «ደረስኩ» የምትለዋን ደግሞ ከበሩ ፍተሻ ወዲያ ሆነሽ ጻፊያት።