ሞመንት የት ነጥብ ላይ እንውሰድ? የማጠፊያው፣ የገመዱና የአግዳሚው ጉዳይ

ጥያቄ፦ «ግድግዳ ላይ በማጠፊያ የተያዘና ጫፉ በገመድ የተወጠረ አግዳሚ ብረት ስንሠራ መምህራችን ሁልጊዜ ሞመንቱን ማጠፊያው ላይ ውሰዱ ይለናል። እኔ መሃሉ ላይ ስወስድ ሳይመልቴኒየስ እኩልታ ውስጥ እገባለሁ፤ መልሱ ግን ያው ነው። ለምንድን ነው?»

ወንድሜ፣ ለዓመታት ይህን ትምህርት ሳስጠና የተማሪው ድካም የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከነጥብ ምርጫው ላይ ነው። በቁጥር እንየው።

አግዳሚው 4 ሜትር ርዝመትና 200 ኒውተን ክብደት አለው እንበል። ጫፉ ላይ 300 ኒውተን የሚመዝን ማስታወቂያ ተንጠልጥሏል። ማጠፊያው A፣ ጫፉ B ነው። ከB የተነሣው ገመድ ከአግዳሚው ጋር 30 ዲግሪ ሠርቶ ከማጠፊያው በላይ ግድግዳው ላይ C ላይ ታስሯል። ያልታወቁት ሦስት ናቸው፦ የገመዱ ውጥረት T፣ የማጠፊያው አግድም ኃይል Ax እና ሽቅብ ኃይሉ Ay።

አንተ እንዳልከው መሃሉ ላይ ስንወስድ የአግዳሚው ክብደት ይጠፋል። Axም በአግዳሚው ርዝመት ላይ ስለሚያልፍ ይጠፋል። Ay እና T ግን ሁለቱም ይቀራሉ፦

T sin30° × 2 − Ay × 2 = 300 × 2

ይህን ብቻውን መፍታት አይቻልም። Ay + T sin30° = 500 የሚለውን አምጥተህ ማጣመር ግድ ይሆንብሃል።

አሁን Aን ምረጥ። ሞመንት ማለት ኃይሉ ሲባዛ ከነጥቡ እስከ ኃይሉ መስመር ባለው የ90 ዲግሪ ርቀት ነው። የኃይሉ መስመር በነጥቡ ውስጥ ካለፈ ርቀቱ ዜሮ ስለሆነ፣ ኃይሉ የፈለገውን ያህል ቢሆን እኩልታው ውስጥ አይገባም። Ax እና Ay የሚገናኙት A ላይ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ፦

T sin30° × 4 = 200 × 2 + 300 × 4 = 1600

T = 800 ኒውተን። አለቀ።

ብዙዎች የሚያቆሙት እዚህ ነው። እኔ ግን ተማሪዎቼን ከዚህ አልፈው እንዲሄዱ እጎተጉታቸዋለሁ፣ ምክንያቱም «ማጠፊያው ላይ ውሰድ» የሚለው ደንብ የአንድ ሰፋ ያለ ሐሳብ ቁራጭ ነው። T እና Ax የሚገናኙት የት ነው? B ላይ። እዚያ ሞመንት ስትወስድ የማስታወቂያው ክብደትም አብሮ ይጠፋልና Ay × 4 = 200 × 2 ብቻ ይቀራል፤ Ay = 100 ኒውተን። T እና Ay ደግሞ C ላይ ይገናኛሉ። C ከA በላይ 4 tan30°፣ ማለትም 2.31 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ Ax × 2.31 = 1600፣ Ax ወደ 693 ኒውተን ይሆናል። ሦስቱም በየራሳቸው እኩልታ ወጡ፤ አንዱ ላይ የሠራኸው ስህተትም ወደ ሌላው አይተላለፍም። ማረጋገጫው በእጅህ ነው፦ ሽቅብ 100 + 400፣ ቁልቁል 500።

ነጥቡን እንደፈለግን የመምረጥ ነፃነቱ የመጣው ከሚዛኑ ነው። የኃይሎቹ ድምር ዜሮ ሲሆን፣ አንድ ነጥብ ላይ ዜሮ የሆነ ሞመንት ሌላ ቦታም ዜሮ ነው። ነጥቡ አካሉ ላይ መሆንም የለበትም። ለስላሳ ግድግዳ ላይ የተደገፈ የ5 ሜትር መሰላል እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ርቆ ቢቆም፣ የግድግዳው አግድም ግፊትና የወለሉ ሽቅብ ግፊት የሚገናኙት ከእግሩ በላይ 4 ሜትር ላይ፣ ባዶ አየር ውስጥ ነው። ሞመንቱን እዚያ ብትወስድ የ200 ኒውተን መሰላል ሰበቃ በቀጥታ ይወጣል፦ f × 4 = 200 × 1.5፣ 75 ኒውተን።

ሁለት ነገር ልብ በል። በአንድ ጠለል ላይ ለአንድ አካል ያሉህ ነፃ እኩልታዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አራተኛ ነጥብ ብትጨምር አዲስ ነገር አይነግርህም። ሦስቱንም በሞመንት ከሠራህ ነጥቦቹ በአንድ መስመር ላይ መሆን የለባቸውም። Aን፣ መሃሉንና Bን ብትመርጥ Ax ሦስቱም ላይ ይጠፋል፤ ስንት እንደሆነ በጭራሽ አታውቀውም።

ሁለተኛው፣ ያልታወቁት ሦስቱም አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙበት ሁኔታ አለ። ገመዱን ዝቅ እያደረግህ አስበው፦ T = 400/sinθ ስለሆነ በ10 ዲግሪ ወደ 2300፣ በ5 ዲግሪ ወደ 4600 ኒውተን ይደርሳል። ጭራሽ በአግዳሚው ላይ ሲተኛ መስመሩ በA ያልፋል፤ እኩልታውም 0 = 1600 ይሆናል። ወረቀትህ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ከወጣ ስሌቱን ደጋግመህ ከመፈተሽህ በፊት ሥዕሉን እይ፤ አግዳሚውን እንዳይዞር የሚይዘው ነገር ላይኖር ይችላል።