የደንበኛ ፎቶ ባነር ላይ ከመውጣቱ በፊት

«ደሴ ፎቶ ቤት አለኝ። አንዲት ሙሽራ ስቱዲዮ አንስቼ፣ ከኋላዋ የሐይቅን ውሃ አስገባሁ። ባሏ በዕለቱ ስላልመጣ ከሌላ ፎቶ ቆርጬ አጠገቧ አቆምኩት። በጣም አምሯል፣ ለሱቄ ባነር ልሰቅለው ነው። በስልክ ‹ችግር የለውም› ብላኛለች። ወረቀት የግድ ነው?»

አብሽር ወንድሜ፣ ባነሩ እስካልታተመ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጹ «በጽሑፍ» አይልም። ስለዚህ የስልኩ እሺታ ባዶ አይደለም። ግን ነገ «አላልኩም» ብትል በምን ታስረዳለህ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። እሺ ያለችው የትኛውን ፎቶ ነው? ስቱዲዮ የተነሳችውን ታውቃለች፤ ሐይቅ ዳር ከባሏ ጋር የቆመችውን ግን ገና አላየችም። የተቀናበረ ምስል ሰውን ያልሄደበት ቦታ ይወስዳል፣ ያልለበሰውን ያለብሳል። ሻሿን ለማሳመር ብለህ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ ብታደርገው እንኳ ቤተሰቧ ዘንድ ሌላ ወሬ ይሆናል።

ስለዚህ የምታስፈርመው ባለቀው ምስል ላይ ነው። በትንሹ አትምና ወረቀቱ ላይ ለጥፈው፤ ፊርማዋ ከፊሉ ፎቶው ላይ፣ ከፊሉ ወረቀቱ ላይ ይረፍ። ያኔ ፎቶው ተቀየረ ማለት አይቻልም። ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ የማን ሱቅ እንደሚጠቀምበት፣ የት እንደሚወጣ (ባነር ብቻ ነው ወይስ ቴሌግራምና ቲክቶክም?)፣ እስከ መቼ፣ ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ፣ መቀናበሩንም አይታ እንደተስማማች። ከሁሉ በላይ «ለሌላ ድርጅት አይሰጥም» የምትለዋን አትርሳ። ጎረቤትህ ያለው የሶፋ ቤት «ያቺን ፎቶ ስጠኝ» ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ባልየው። ስቱዲዮህ ባይረግጥም ፊቱ ባነሩ ላይ ስላለ የራሱን ወረቀት ይፈርማል። ሚስቱ ስለ እሱ መፈረም አትችልም። እሱን የቆረጥክበትን ፎቶ ሌላ ባለሙያ አንስቶት ከሆነ ደግሞ የዚያን ሰው ፈቃድም ጠይቅ፤ የፎቶው መብት የእሱ ሊሆን ይችላል።

ያለ ፈቃድ ከሰቀልከው አንቀጽ 29 ይመጣል። ባለ ምስሉ አውርድ ማለት ይችላል፤ ፍርድ ቤትም በምስሉ ባገኘኸው ጥቅም ልክ ሊያስከፍልህ ይችላል። አውርድ ተብለህ ወዲያው ካላወረድክ የሞራል ካሳም ሊጨመርብህ ይችላል። ስለዚህ ቅሬታ ከመጣ መጀመሪያ አውርድ፣ ክርክሩ ይደርሳል።

ባልየው አልፈርምም ካለ አትለማመጠው። እሱን አውጣና እሷን ብቻዋን ሐይቅ ዳር አቁማት። አዲሱን ምስል አትመህ እንደገና አስፈርማት፤ የበፊቱ ወረቀት ለዚህኛው አያገለግልም።