ላፕቶፑ የጠፋው በስንት ሰዓት ነው?

ውድ ወጣቶች፣

አንዲት የሥራ ባልደረባችን ላፕቶፕ ጠፍቶባት የጻፈችውን ሪፖርት መነሻ አድርጌ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ። እኔ ያኔ የምንሠራበት የእርዳታ ድርጅት የአዲስ አበባ ቢሮ የአይቲ ኃላፊ ነበርኩ። የደኅንነት ቡድኑ አውሮፓ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ልጅቷ ጎበዝና ሐቀኛ ናት፤ የጻፈችውም ሁሉ እውነት ነበር። ነገር ግን አንዲት ቁጥር ቡድኑን ሙሉ ቀን በተሳሳተ መንገድ መራችው።

ቀኑ ሐሙስ ኅዳር 5 ቀን 2017 ነው። ከቢሮ ወጥታ መገናኛ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ስትሠራ ቆየች። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ42 ላይ ላፕቶፑን ከድና ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር አስቀመጠችው። ቤቷ ደርሳ እራት በልታ ቦርሳውን ስትፈልግ የለም። ሰዓቷን አየች፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10 ይላል። ሌሊቱን ተራው ድረስ ሄዳ ስትጠይቅ አድራ፣ በማግስቱ በእንግሊዝኛ በላከችው ኢሜይል «ትናንት 2:10 ላይ መጥፋቱን አወቅሁ» ብላ ጻፈች።

አውሮፓ ያሉት ሰዎች ይህን ከቀትር በኋላ 14:10 ብለው አነበቡት። የላፕቶፑን እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ሎግ ሲከፍቱ በአዲስ አበባ ሰዓት 18:15 ላይ ከዚያው ላፕቶፕ የተረጂዎች ዝርዝር ፋይል ተከፍቷል። የ1,240 ሰዎች ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌና የጤና ሁኔታ ያለበት ፋይል ነው። እነሱ እንዳነበቡት ከሆነ ላፕቶፑ ከጠፋ አራት ሰዓት አልፎታል፤ ስለዚህ የከፈተው ሌባው ነው። ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የሚላከውን ማስታወቂያ ማርቀቅ ጀመሩ። ፋይሉን የከፈተችው ግን ራሷ ናት፤ ካፌው ውስጥ ቁጭ ብላ፣ በኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ከሩብ ላይ። ይህ የታወቀው ዓርብ አመሻሹ ላይ እኔ ደውዬ «የኛ 2 ሰዓት ወይስ የነሱ?» ብዬ ስጠይቃት ነው።

ስለዚህ ሰዓት ስትጽፉ በኛ አቆጣጠር የምታስቡትን ወደ 24 ሰዓት ቀይራችሁ፣ የፈረንጁን ቀን ጨምራችሁ ጻፉ። ሎጎች ብዙውን ጊዜ የሚመዘገቡት UTC በሚባለው የዓለም የጋራ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ የሚያሻማ ነገር እንዳይቀር ከኋላው +03:00 አድርጉበት። የልጅቷ ሪፖርት በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

```
last seen:  2024-11-14 18:50 +03:00
discovered: 2024-11-14 20:10 +03:00
reported:   2024-11-15 09:20 +03:00
```

ሦስቱን ለያይታችሁ መጻፋችሁ ትልቅ ነገር ነው። ላፕቶፑን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁበት ሰዓት ቡድኑ ሎጉን ከየት ጀምሮ መመርመር እንዳለበት ይነግረዋል። መጥፋቱን ያወቃችሁበት ሰዓት ሌላ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ ለባለሥልጣን ለማሳወቅ የሚሰጠው 72 ሰዓት የሚቆጠረው ድርጅቱ ጥሰቱን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ፣ ይህ ሰዓት በሕግ ሰዎች ዘንድ ይመረመራል። እኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በማወቅና በማሳወቅ መካከል ያለፈው 13 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያሳፍራት ነበርና ልታሳጥረው ፈልጋ ነበር። እንዳለ ተዪው አልኳት። ሚኒባስ ተራ ስትፈልግ ማደሯን ከጎኑ ጻፈች፤ ማንም ምንም አላላትም።

ቀጥሎ «ምን ነበረበት?» ተብላ ስትጠየቅ የመጀመሪያ መልሷ «ብዙ የሚያሳስብ የለም፤ ሁሉም ክላውድ ላይ ነው» የሚል ነበር። ይህን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ክላውድ ላይ መኖሩ ግን ላፕቶፑ ላይ የለም ማለት አይደለም። አብረን ቁጭ ብለን ያለፈውን ወር የኢሜይል አባሪዎቿን አንድ በአንድ አየን። ዝርዝሩን ከመስክ ቢሮ የተቀበለችው በኢሜይል ነው፤ አውርዳዋለች፤ ስለዚህ `Downloads` ውስጥ አንድ ቅጂ አለ። ብሮውዘሩ የሦስት ሲስተሞችን የይለፍ ቃል አስቀምጧል። ቴሌግራምም ክፍት ነው፤ የመስክ ሠራተኞች የተረጂዎችን መታወቂያ ፎቶ የሚልኩት በዚያ ነበር። ሪፖርቱ ላይ የፋይል ብዛት ሳይሆን የሰው ብዛትና የመረጃው ዓይነት ይጻፍ፤ ምክንያቱም ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ማን ሊጎዳ እንደሚችል ነው። እርግጠኛ የሆናችሁበትንና የምትገምቱትን በተለያየ መስመር አስቀምጡ። ስለ መታወቂያዎቹ ፎቶ «በግምት ከ30 እስከ 40፤ ቡድኑ ውስጥ ተቆጥሮ ይረጋገጣል» ብላ ነው የጻፈችው።

ጉዳቱን ለመግታት የተደረገውን በምትጽፉበት ጊዜ ደግሞ በታዘዘውና በተፈጸመው መካከል ያለውን ልዩነት ተጠንቀቁ። 09:35 ላይ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ዳታ ከሩቅ የሚያጠፋ ትዕዛዝ ላክሁ። ትዕዛዙ የሚፈጸመው መሣሪያው ኢንተርኔት ሲያገኝ ብቻ ነው። «ዳታው ጠፍቷል» ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆን ነበር፤ «ትዕዛዙ 09:35 ተልኳል፣ እስከ 17:00 አልተፈጸመም» ብዬ ጻፍኩ። የይለፍ ቃሏን ቀየርን፤ ይህ ብቻውን ቀድሞ የተከፈተውን ሁልጊዜ ስለማይዘጋ የተከፈቱ ሴሽኖችን በሙሉ ለይተን ዘጋን። ቴሌግራሙን ከስልኳ `Devices` ውስጥ ገብታ `Terminate Session` አለችው። እያንዳንዱ ማን እንዳደረገውና በስንት ሰዓት ተጻፈ።

ዲስኩ በዊንዶውስ የምስጠራ መሣሪያ በቢትሎከር የተመሰጠረ መሆኑን ከማዕከላዊ ሲስተሙ አረጋገጥን። ላፕቶፑ ግን ተከድኖ እንጂ ጠፍቶ አይደለም የጠፋው። በእንቅልፍ ላይ ያለ ላፕቶፕ የምስጢሩን ቁልፍ ማስታወሻው ውስጥ እንደያዘ ይቆያልና፣ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ መከላከያው ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ ላፕቶፕ ጠንካራ አይደለም። ይህን የሚያውቀው ክዳኑን የዘጋው ሰው ብቻ ስለሆነ ካልጻፋችሁት ማንም አይጠይቃችሁም። የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳው ውስጥ ከትታችሁ ከሆነም ጻፉ። የራሳችሁ ላፕቶፕ ተመስጥሮ እንደሆነ ዛሬውኑ በአስተዳዳሪ መብት ይህን ጽፋችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ `Protection On` ማለት አለበት፦

```
manage-bde -status C:
```

እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሚኒባሱ ረዳት ቦርሳው ኪስ ውስጥ ባገኘው ስልክ ቁጥር ደወለላት፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ቦርሳውን እንዳለ አመጣላት። ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ከፍታ ልታየው ነበር። በስልክ አስቆምኳት። ቢከፈትና ዋይፋይ ቢያገኝ ሲጠብቅ የነበረው የማጥፊያ ትዕዛዝ ወዲያው ተፈጽሞ፣ ማን ነክቶት እንደሆነ የሚናገረው ሎግ አብሮ ይጠፋ ነበር። ሳይከፈት ተረክበን ከኔትወርክ ውጭ መረመርነው፤ ከሐሙስ 18:42 በኋላ የገባ ሰው የለም። ሎጉ ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢነበብ ያንን አያሳይም፤ እዚያ ላይ የምንመካው ምስጠራው ላይ ነው፤ ይህንንም ጻፍነው።

ላፕቶፑ ተገኝቷልና ሪፖርቱ ይሰረዝ ያሉ ነበሩ። አልሰረዝነውም። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከሐሙስ 18:50 እስከ እሑድ 16:00 መሣሪያው በእኛ እጅ አልነበረም፤ የተከፈተበት ምልክት አልተገኘም፤ የ1,240ው ሰዎች ጉዳይ በዚህ መሠረት ይወሰን።»