ከሪፖርቱ በፊት ስትራድል ወይስ ስትራንግል?

«በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተምሬ ተመርቄያለሁ። በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ለዋጋ ስጋት ተንታኝነት ስፈተን፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የቡና ሪፖርት ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስትራድል እገዛ እንደሆነ ወይስ ስትራንግል፣ ዋጋው ምን ያህል ቢንቀሳቀስስ ወጪዬን እንደምመልስ ተጠየቅሁ። ‹ርካሽ ስለሆነ ስትራንግል› አልኩ። ፈታኙ ደስ አላለውም። ለሁለተኛው ዙር ተጠርቻለሁና ምን እንደጎደለኝ ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ የጎደለሽ ስሌቱ ነው። ስትራድልም ሆነ ስትራንግል ኦፕሽን የሚባሉትን የመግዛትና የመሸጥ መብቶች አንድ ላይ መግዛት ነው፤ የሚያተርፉት ዋጋው ወደ የትኛውም አቅጣጫ ብዙ ሲንቀሳቀስ ነው። በኒው ዮርክ የአረቢካ ቡና የወደፊት ውል ላይ እንሥራው። አንድ ውል 37,500 ፓውንድ፣ ማለትም 17 ቶን ያህል ነው፤ ስለዚህ በፓውንድ የ1 ሳንቲም ለውጥ 375 ዶላር ያመጣል። የምጠቀምባቸው ዋጋዎች ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው።

ቡናው በፓውንድ 300 ሳንቲም ነው እንበል። ለስትራድል በ300 የመግዛት መብት የሚሰጠውን ኮል በ9 ሳንቲም፣ በዚያው በ300 የመሸጥ መብት የሚሰጠውን ፑት ደግሞ በ9 ሳንቲም ትገዣለሽ። ጠቅላላ ወጪሽ 18 ሳንቲም፣ ማለትም 6,750 ዶላር ይሆናል። ለስትራንግል የ310 ኮል እና የ290 ፑት እያንዳንዳቸውን በ5 ሳንቲም ትገዣለሽ፤ ወጪው 10 ሳንቲም ወይም 3,750 ዶላር ነው።

መብቶቹን እስከ ማብቂያ ቀናቸው ከያዝሻቸው፣ የስትራድሉ ወጪ መመለሻ ነጥቦች 282 እና 318 ናቸው፤ ዋጋው 6 በመቶ መንቀሳቀስ አለበት። የስትራንግሉ ግን 280 እና 320 ናቸው፤ 6.7 በመቶ ያህል ይፈልጋል። የከፈልሽው በግማሽ ገደማ ቀንሷል፤ የሚያስፈልግሽ እንቅስቃሴ ግን ጨምሯል። ቡናው 312 ላይ ቢያበቃ ስትራድሉ ከ18 ሳንቲሙ 12ቱን ይመልሳል፣ ስትራንግሉ ከ10 ሳንቲሙ 2ቱን ብቻ። ከ290 እስከ 310 ባለው ክልል ውስጥ ካበቃ ደግሞ የስትራንግሉ ገንዘብ በሙሉ ይጠፋል፤ ስትራድሉ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው ዋጋው ልክ 300 ላይ ሲያበቃ ብቻ ነው።

ታዲያ ስትራንግል የሚያዋጣው መቼ ነው? እንቅስቃሴው በጣም ትልቅ ሲሆን። በሁለቱ ላይ እኩል ገንዘብ ብታወጪ፣ በእነዚህ ቁጥሮች ስትራንግሉ የሚበልጠው ዋጋው ከ322.5 ሲያልፍ ወይም ከ277.5 በታች ሲወርድ ነው። መልስሽ ይህን ድንበር ቢጠቅስ ኖሮ «ርካሽ» ማለትሽም ትርጉም ይኖረው ነበር።

ፈታኙ የበለጠ ሊሰማው የሚፈልገው ግን የሚቀጥለውን ይመስለኛል። ይህ ሪፖርት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ሰኔና ታኅሣሥ፣ ቀኑ አስቀድሞ ታውቆ ይወጣል። በ2021 የብራዚልን ቡና እንደመታው ውርጭ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚመጣ ነገር አይደለም። ኦፕሽን ሻጩም ቀኑን ስለሚያውቅ የሚጠበቀውን መዋዠቅ አስቀድሞ ዋጋው ውስጥ ያስገባዋል። ሪፖርቱ በወጣ ማግስት ያ ግምት ይወርዳል፣ የያዝሻቸው መብቶችም ቡናው ባይንቀሳቀስ እንኳ ይረክሳሉ። በምሳሌያችን ቀሪውን ጊዜ የሚሸፍነው የመዋዠቅ ግምት በሲሶ ቢቀንስና ቡናው እዚያው 300 ላይ ቢቆይ፣ ስትራድሉ ከ18 ወደ 12፣ ስትራንግሉ ከ10 ወደ 4.5 ገደማ ይወርዳል። አንዱ ሲሶውን፣ ሌላው ከግማሽ በላይ ያጣል ማለት ነው። በማግስቱ ሸጠሽ ለመውጣት ካሰብሽ ወጪሽን ለመመለስ ዋጋው በስትራድሉም በስትራንግሉም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢያንስ 16 ሳንቲም ያህል በአንድ ጊዜ መዝለል ይኖርበታል።

ስለዚህ ለሁለተኛው ዙር ከመሄድሽ በፊት ባለፉት ዓመታት ይኸው ሪፖርት በወጣባቸው ቀናት የቡናው ዋጋ ስንት በመቶ እንደተንቀሳቀሰ አንድ በአንድ መዝግቢ። አቅጣጫው አያስፈልግሽም፤ መጠኑን ብቻ ውሰጂ። ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 በመቶ ሆኖ ካገኘሽው ትክክለኛው መልስ «ሁለቱንም አልገዛም» ነው፤ ይህን በድፍረት ተናገሪ።

«ለእኛ ድርጅትስ ትመክሪያለሽ?» ካሉሽ፣ መጀመሪያ በጅማ መጋዘን ገዝተው ያስቀመጡት፣ የሽያጭ ዋጋው ገና ያልተቆረጠ ቡና እንዳለ ጠይቂያቸው። ካለ፣ ዋጋ ሲጨምር ቡናው ራሱ ያተርፍላቸዋል፤ የኮሉ 9 ሳንቲም ያንኑ ትርፍ ድጋሚ መግዛት ነው። የሚያስፈራቸው የዋጋ መውረድ ብቻ ስለሆነ ፑቱ ለብቻው ይበቃቸዋል፤ የ300ው ፑት በአንድ ውል 3,375 ዶላር ያስወጣል። የእጃቸው ቡና የሚሸጥበት ዋጋ ከኒው ዮርኩ ጋር እኩል እንደማይሄድ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም በዚህ ፑት እንደማይሸፈን ጨምረሽ ንገሪያቸው።