ለጅማ በጋ ስንት ሊትር ሮቶ ይበቃል? ጥያቄና መልስ

ከጅሬን፦ ጣሪያዬ 60 ካሬ ቆርቆሮ ነው። አምስት ነን። ስንት ሊትር ሮቶ ልግዛ?

መጀመሪያ ፍጆታውን እንያዝ። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ካልን፣ ለቤቱ በወር 3,000 ሊትር ይሆናል።

አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የሚረጨውና የሚፈሰው ሲቀነስ 80 በመቶው ይገባል ብለው ይያዙ። ስለዚህ ጣሪያዎ በአንድ ሚሊሜትር 48 ሊትር ይሰጣል።

የጅማ በጋ ጨርሶ ደረቅ አይደለም። ለምሳሌ ኅዳር 40፣ ታኅሣሥ 30፣ ጥር 30፣ የካቲት 50 ሚሊሜትር ቢዘንብ፣ በአራቱ ወር 7,200 ሊትር ይገባል። የሚፈልጉት 12,000 ነው። ሮቶው መሸፈን ያለበት 4,800 ሊትሩን ነው።

ግን ባለ 5,000 ገዝተው እንዳይቀመጡ። ዝናቡ በግማሽ ቢቀንስ የሚገባው 3,600 ብቻ ስለሆነ ጉድለቱ 8,400 ይደርሳል። እኔ ብሆን 10,000 ነው የምይዘው። የራስዎን ስሌት ሲሠሩ የእኔን ቁጥር ትተው የብዙ ዓመት መዝገብ ከሜትሮሎጂ ይጠይቁ።

ከሂርማታ፦ ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል። በ60 ካሬ 90,000 ሊትር ማለት ነው። ታዲያ 10,000 ምን ያደርጋል?

ማባዛቱ ልክ ነው። ግን አብዛኛው የሚወርደው ክረምት ላይ፣ ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ነው። ያን ሁሉ ማጠራቀም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መስከረም መጨረሻ ላይ ሞልቶ በጋውን የሚያሻግር ነው።

ከቆጪ፦ የእኔ ባለ 10,000 ነው፤ ጣሪያዬም 60 ካሬ፣ ሰዉም አምስት። ጥር ላይ ባዶ ሆነ። ሮቶው ቀዳዳ ይኖረው ይሆን?

አሸንዳው በሁለቱም በኩል አለ?

የለም፣ በፊት ለፊት ብቻ ነው።

እንግዲያውስ ጣሪያዎ 30 ካሬ ነው። የጓሮው ውሃ መሬት ላይ ይቀራል። ግን ለ30 ካሬ በላይኛው የ150 ሚሊሜትር ዝናብ ብናሰላው የአራቱ ወር ጉድለት 8,400 ነው፤ ሙሉ ሆኖ ከገባ ጥር ላይ አያልቅም። ስለዚህ ሌላም ነገር አለ። ማታ ቧንቧውን ዘግተው የውሃውን ልክ እንጨት ላይ ምልክት ያድርጉ። ጠዋት ከወረደ ያፈሳል። ካልወረደ ፍጆታውን ይዩ። የቡና ችግኝ ያጠጣሉ?

አዎ፣ ትንሽ መደብ አለችኝ።

በቀን ሁለት ባለ 20 ጀሪካን ቢያጠጡ በወር 1,200 ሊትር ነው። ትንሽ አትባልም።

ከጅሬን፦ አንድ ትልቅ ልግዛ ወይስ ሁለት ባለ 5,000?

ሁለት ይሻላል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል። ግን ቧንቧው ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለሚገጠም ከሥር የሚቀረውን ደለልና ውሃ ከሁለቱም ልክ ላይ ይቀንሱ።

ከሂርማታ፦ ሁለት መሠረት መሥራት ግን ወጪ ነው፤ እኔ አንዱን እመርጣለሁ።

ዋጋውን አስልተው ከመጡ እከራከርዎታለሁ።