ከመስኮቱ ጥግ የሚነሣው ስንጥቅ

«ቤታችን አቃቂ አካባቢ ያለ ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት ነው፤ ከተሠራ 9 ዓመቱ። ከሳሎኑ መስኮት የላይኛው ቀኝ ጥግ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ አለ። ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ። ሁለት ጊዜ አስደፍነነው ተመልሶ ተከፈተ። ክረምት ላይ የሚጠብ ይመስለኛል። በዚያው በኩል ያለው የጓዳ በር ደግሞ ከጥር ወዲህ መቃኑን እየነካ አልዘጋ ብሏል። አንዱ ባለሙያ የልስን ነው አለኝ፤ ሌላው ቤቱን ልቀቁ አለኝ። ጋሼ፣ የቱን ልመን?»

ሁለቱንም አይመኑ።

ፎቶዎን ስከፍት ከስንጥቁ ቀድሞ ዓይኔን የያዘው በመስኮቱ መስታወት በኩል የሚታየው የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። በግምቴ ከቤቱ ጥግ 4 ሜትር አይርቅም። አቃቂ፣ ጥቁር አፈር፣ ባሕር ዛፍ፣ በጥር የሚጣበቅ በር! እነዚህ ሲገጣጠሙ ሌላውን ሳላይ ጥርጣሬዬን ይዣለሁ፤ የቤትዎ አንድ ጥግ በበጋ ይወርዳል፣ በክረምት ደግሞ መልሶ ይነሣል። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ይህን ጥርጣሬ ለማረጋገጥ ወይም ለመጣል ነው።

አሁን ስንጥቁን እንየው። በውስጡ ፎቶ ላይ ነጩ ስቱኮ በቁመቱ ተቀዷል፤ ቅዳዱ መሐል ለመሐል ሳይሆን ወደ አንድ ወገን ተጠግቶ ነው፤ ጠርዙም ስለት ይመስላል። ያረጀ ስንጥቅ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ አቧራና የቀለም ጠብታ ይገባበታል። የእርስዎ ገና ትናንት የተከፈተ ይመስላል፤ ይሄ ስንጥቅ ሕይወት አለው ማለት ነው። መስኮቱ ዘንድ ጠባብ ነው፤ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ይሰፋል። በውጩ ፎቶ ላይ ደግሞ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የብሎኬቶቹን መጋጠሚያ ተከትሎ ይወጣል። ልስን ብቻውን የደረጃ ቅርጽ አይሠራም። «የልስን ነው» ያለዎት ሰው የውጩን ግድግዳ ዞሮ አላየም።

የመስመሩ አቅጣጫ የቱ ጥግ እንደወረደ ይናገራል፤ ይህን ነገር አንድ ጊዜ የገባው ሰው ስንጥቅ ሲያይ አይደናገርም። እባክዎ አንድ መሐረብ ያምጡ። የግራ ጠርዙን በግራ እጅዎ፣ የቀኝ ጠርዙን በቀኝ እጅዎ ወጥረው ይያዙ፤ ከዚያ ግራ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ ቀኝ እጅዎን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ያድርጉ። ጨርቁ ከግራ ላይኛው ጥግ ወደ ቀኝ ታችኛው ጥግ ይወጠራል፤ በዚያው መስመር እጥፋቶች ይታዩዎታል። ግድግዳም ጥጉ ሲወርድ በዚሁ አቅጣጫ ይሳባል። ጨርቅ ግን ይለጠጣል፤ ብሎኬትና ሲሚንቶ ጭነት ይችላሉ እንጂ መሳብን አይችሉም። ስለዚህ ግድግዳው ውጥረቱን አቋርጦ ይሰነጠቃል። እጥፋቱ ወደ ቀኝ የሚወርድ ከሆነ አቋርጦት የሚሄደው መስመር ወደ ቀኝ የሚወጣ ነው። አንድ ጥግ ሲወርድ ስንጥቁ ሽቅብ የሚያመለክተው ወደዚያው ወደ ወረደው ጥግ ነው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያስባል፤ ስንጥቁ ቁልቁል ወደሚያመለክትበት ወገን ሄዶ ሲቆፍር የዋለ ግንበኛ አውቃለሁ።

ከላይ የሰፋውም ጥጉ ሲወርድ ትንሽ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል ነው። በተቃራኒው የግድግዳው መሐል ቢወርድ ኖሮ ስንጥቆቹ ከሁለት ወገን ወደ መሐል ሽቅብ ያመለክቱ ነበር፤ የሚሰፉትም ከታች ይሆን ነበር። ከመስኮቱ ጥግ መጀመሩ አያስገርምም፤ ግድግዳው የተቆረጠበት ቦታ ስለሆነ ውጥረቱ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። የእርስዎ ስንጥቅ ከውስጥ ሲታይ ሽቅብ ወደ ቀኝ ነው። ዛፉም በቀኝ ነው። የሚጣበቀው በርም በቀኝ ነው።

ጥቁሩን አፈር፣ መረሬ ወይም ዋልካ የሚሉትን፣ በእርሻ ላይ አይተውት ይሆናል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት አብጦ ይዘጋል። ቤት ሲቀመጥበትም ይህን ጠባዩን አይተውም። ባሕር ዛፍ ደግሞ በጋውን ሙሉ ከመሠረትዎ ሥር ውኃ ይመጥጣል፤ አፈሩም ያለ ዛፉ ከሚኮማተረው በላይና በጥልቀት ይኮማተራል። በሩ በጥር መያዝ የጀመረው፣ ስንጥቁም በክረምት የሚጠበው ለዚህ ነው።

የውበት ብቻ የሆነውን ለመለየት ብዙ አልደክምም። እንደ ደረቀ ጭቃ የተጠላለፈ ቀጭን መስመር ልስኑ ቶሎ የደረቀበት ነው። በምሰሶና በብሎኬት መጋጠሚያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ስፋቱ የማይለወጥ ክር የመሰለ መስመርም ሁለት የተለያዩ ነገሮች የተገናኙበት ነው። እነዚህን ቀለም ስትቀቡ ታስተካክሏቸዋላችሁ።

የእርስዎን ግን እንፈትሽ። መጀመሪያ በስንጥቁ መሐል አንድ መዳፍ የሚያህል ልስን በመሮና በመዶሻ ያንሡ። ስንጥቁ በብሎኬቱ ወይም በመጋጠሚያው ካለፈ ግድግዳው ራሱ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ እኔ ይህን ነው የምጠብቀው። ስፋቱን ለመገመት የባንክ ካርድ ይሞክሩ፤ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያንሳል። ፎቶው አጠገብ ማስመሪያ ስላላስቀመጡ እኔ ከዚህ ሆኜ 2 ይሁን 4 ሚሊ ሜትር መናገር አልችልም። ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ወይም በጣትዎ ሲዳስሱት አንዱ ከንፈር ከሌላው ወጣ ብሎ ከተሰማዎ ጉዳዩ ከእኔም ከእርስዎም በላይ ነው።

ቀጥሎ የጥጉን ምሰሶ ይመልከቱ። ፎቶው ይህን አያሳይም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ይሄው ነው። በአርማታው ላይ በራሱ፣ በምሰሶው ወይም ከመስኮቱ በላይ ባለው ቢም ላይ፣ ስንጥቅ ወይም የፌሮ ዝገት ቀለም ካዩ መሮውን ያስቀምጡ፤ በዚያ ክፍል ማንም እንዳያድር አድርገው የስትራክቸር መሐንዲስ ይጥሩ። ምሰሶው ንጹሕ ከሆነ ቤቱን የሚያስለቅቅ ነገር እስካሁን አላየሁም።

መሠረቱን ማየት ከፈለጉ ከጥጉ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብለው፣ ወርዱ አካፋ የሚያስገባ ያህል ብቻ የሆነ ጉድጓድ በእጅ ያስቆፍሩ። የመሠረቱ ግርጌ ሲታይ ያቁሙ። ከግርጌው በታች አንድ ጣት እንኳን አይቆፈርም! መሠረቱ የተሸከመው ያንን አፈር ነው። የሚያዩት ጥቁር፣ በአካፋ ሲቆረጥ የሚያብለጨልጭ አፈር ከሆነ፣ ግርጌውም አንድ ሜትር እንኳን ሳይወርድ ካለቀ፣ ጥርጣሬዬ ትክክል ነው። በዚያው ቀን ይድፈኑት፤ ዝናብ የሞላበት ጉድጓድ ከዛፉ አይሻልም።

ከዚያ መለካት ነው። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ብሎኬቱ ላይ ሁለት ትናንሽ የብረት ሚስማሮች በሲሚንቶ ያስይዙ፤ ልስን ላይ አይሆንም። በመሐላቸው ያለውን ርቀት በካሊፐር በየወሩ መጀመሪያ ይለኩ፣ ቀኑን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጻፉ። አንድ መስከረምና አንድ ግንቦት ሳያልፍ ውሳኔ የለም፤ መስከረም አፈሩ የጠገበበት፣ ግንቦት የደረቀበት ነው። የበልግ ዝናብ በመሐል ቢያሳስትዎ አይደናገጡ። ርቀቱ ሰፍቶ መልሶ ከጠበበ ወቅታዊ ነው፤ እንኖርበታለን፣ እናክመዋለን። በየዓመቱ ሰፍቶ ሳይመለስ ከቀረ ግን ጥጉ እየሰመጠ ነውና መሐንዲስ ያስፈልጋል።

ስለ ድፍኑ ሳልናገር አላልፍም። አንድ ጊዜ በዚሁ አፈር ላይ የተሠራ ቤት አየሁ፤ ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ ስንጥቁ በመጋቢት በሰፊው ተከፍቶ ሳለ በጠንካራ የሲሚንቶ ቅይጥ ጠቅጥቆ ሞልቶታል። ክረምት መጣ፣ አፈሩ አበጠ፣ ስንጥቁ ሊዘጋ ፈለገ፤ ቅይጡ ግን እንደ ሽብልቅ ተወጥሮ ያዘው። ግድግዳው ከዚያ አንድ ክንድ ርቆ ሌላ አዲስ ስንጥቅ አወጣ። ባለቤቶቹ ሁለት ጊዜ ከፍለው ሁለት ስንጥቅ ገዙ። የእርስዎን ስቱኮ ደግሞ በጥፍሬ ሳልነካው ከፎቶው ዓይነቱን አውቄዋለሁ፤ ከውኃ በቀር ምንም የማይዘው ርካሹ ነው።

መድኃኒቱ ከግድግዳው ውጭ ይጀምራል። በውጩ ፎቶ ጠርዝ ላይ የሚታየው የአሸንዳ መውረጃ ቱቦ ከመሬት አንድ ስንዝር ቀርቶት ተቆርጧል፤ ለአንድ ሜትር ቱቦ ሲባል የጣሪያውን ውኃ ሁሉ ጥጉ ሥር ማፍሰስ! ቱቦውን ቀጥለው ውኃውን ከግድግዳው ቢያንስ 2 ሜትር ያርቁት። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል የሚሰፋ፣ ወደ ውጭ የሚያዘነብል የሲሚንቶ ንጣፍ ያስደርጉ። አፈሩን የሚጎዳው እርጥበትም ድርቀትም ብቻውን አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መዋዠቁ ነው።

ዛፉን ለመቁረጥ ግን አይቸኩሉ። ቤቱ ሲሠራ ዛፉ ነበረ ወይስ ከቤቱ በኋላ ነው የበቀለው? ከቤቱ በኋላ ከሆነ ቆርጠው ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ይከታተሉ፤ ባሕር ዛፍ እንደገና ይበቅላል። ቤቱ በዛፉ አጠገብ ከተሠራ ግን አፈሩ ያኔም በዛፉ ደርቆ ነበር፤ በአንድ ቀን ሲቆረጥ ውኃው ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ አፈሩ ያብጣል፣ ጥጉም ከመጀመሪያው ከፍታው በላይ ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ በየዓመቱ ቅርንጫፉን እየቀነሱ ቢያሳጥሩት ይሻላል። ሥሩን ለመቁረጥ ብለው በመሠረቱ አጠገብ ቦይ እንዳያስቆፍሩ፤ ከግርጌው በታች አይወረድም ያልኩት እዚህም ይሠራል።

ስንጥቁን መጨረሻ ላይ ይድፈኑት፤ ውኃው ከተስተካከለና አንድ ዓመት ከተለካ በኋላ። በቀለም ሊሸፈን የሚችል የሚለጠጥ የአክሪሊክ ማሸጊያ ይጠቀሙ፤ ተራ ሲሊኮን ቀለም አይዝም። በላዩ ከግራና ከቀኝ አንድ ስንዝር የሚያልፍ የፋይበር መረብ ተደርጎ ይለሰን። በሩን አሁን እንዳይላጉት፤ በነሐሴ ክፍተቱ ይሰፋና ነፋስ ይገባበታል።

የጥጉን ምሰሶ ከታች እስከ ላይ በቀን ብርሃን ያንሡልኝና ከማስመሪያው ጋር ይላኩልኝ። እስከዚያ ድረስ ጉድጓዱን ማንም እንዳይነካ፤ ቢቆፈርም ከግርጌው በታች አይወረድ።