ስም ለማስተዋወቅ የወጣ ገንዘብ በክሊክ ሲከፈል

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው በማስታወቂያ ግዢ ሥራ ላይ ላላችሁ፣ ወይም ልትገቡበት ላሰባችሁ ነው። በዚህ ሥራ ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ። ከወጣት ባልደረቦቼ ጋር ስለ ዘመቻ ስንነጋገር ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ። «ዓላማችን ሰው ስማችንን እንዲያውቅ ብቻ ከሆነ ለምን በክሊክ አንገዛም? ክሊክ የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው። የምንከፍለው ለእነሱ ብቻ ይሆናል። ሌላው ሰው ማስታወቂያውን በነፃ ያያል።»

ሲሰሙት አሪፍ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ሲወጣ እንደታሰበው አይሆንም። ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳችሁ።

ሲፒኤም ማለት ማስታወቂያው አንድ ሺህ ጊዜ ለታየበት የሚከፈል ዋጋ ነው። ማንም ነካው አልነካው ይቆጠራል። ሲፒሲ ደግሞ አንድ ሰው ክሊክ ባደረገ ቁጥር የሚከፈል ነው። ሁለቱን ለማነጻጸር የሚያስፈልጋችሁ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከመቶ ዕይታ ስንቱ ክሊክ እንደሚሆን የሚያሳየው መጠን።

በምሳሌ እንየው። 1,000 ዶላር በጀት አላችሁ እንበል። አንድ ቦታ በሺህ ዕይታ 4 ዶላር፣ በክሊክ ከሆነ ደግሞ 50 ሳንቲም ተባላችሁ። በሺህ ከገዛችሁ 250,000 ዕይታ ታገኛላችሁ። በክሊክ ከገዛችሁ 2,000 ክሊክ ታገኛላችሁ። ማስታወቂያችሁ ከሺህ ዕይታ 8 ክሊክ የሚያገኝ ከሆነ፣ ማለትም 0.8 በመቶ ከሆነ፣ 2,000 ክሊክ የሚመጣው ከ250,000 ዕይታ ነው። ሁለቱ እኩል ወጡ። 0.8 በመቶ የመታጠፊያው ነጥብ ነው ማለት ነው። የሺውን ዋጋ በሺህ ክሊክ ዋጋ ስታካፍሉ ታገኙታላችሁ፤ 4 ለ500። በጀት ከመመደባችሁ በፊት ይህቺን ሒሳብ ሳትሠሩ አትለፉ።

አሁን ከነጥቡ ወደ ላይና ወደ ታች እንሂድ። ማስታወቂያው ከመቶ 2 ክሊክ ቢያገኝ፣ 2,000ው ክሊክ በ100,000 ዕይታ ያልቃል። አንድ ሺህ ዕይታ 10 ዶላር አወጣባችሁ። ስም ለማስተዋወቅ ወጥታችሁ፣ ማስታወቂያው ሰውን በሳበ ቁጥር የሚያየው ሰው ቁጥር ቀነሰ። 0.2 በመቶ ብቻ ቢያገኝ ደግሞ በወረቀት ላይ አንድ ሚሊዮን ዕይታ ይወጣችኋል፤ የሺው ዋጋ 1 ዶላር ይሆናል። ባልደረቦቼን የሚያጓጓቸው ይህ ነው።

ይህ አንድ ሚሊዮን ግን አይመጣም። አብዛኞቹ የማስታወቂያ መድረኮች ቦታውን የሚሸጡት በጨረታ ነው። በክሊክ የሚከፍለውንና በሺህ የሚከፍለውን አንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ፣ መድረኩ የክሊክ ዋጋችሁን ይወስድና ሰው ክሊክ የማድረግ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ በራሱ ግምት ያባዛዋል። የሚያሰላው ከእናንተ ሺህ ዕይታ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ነው። በምሳሌያችን 1 ዶላር ነው። ሌላው ተጫራች 4 ዶላር አቅርቧል። ጥሩ ጥሩው ቦታ ለእሱ ይሄዳል። ለእናንተ የሚተርፈው ሌላ ያልፈለገው ነው፤ የገጹ ግርጌ፣ ሰው ወርዶ የማይደርስበት ማዕዘን። ብዙውን ጊዜ ደግሞ በጀቱ ራሱ አያልቅም። ሪፖርቱን ስትከፍቱ ከ1,000ው 300 ብቻ ወጥቶ ካገኛችሁት፣ ክሊክ የማይስብ ማስታወቂያ በክሊክ ዋጋ ጨረታ ውስጥ ገብቶ መሸነፉን ጠርጥሩ። እንግዲህ ነፃ የተባለው ዕይታ ይህ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማስታወቂያው የሚደርሰው ለማን ነው የሚለው ነው። መድረኩ ገንዘቡን የሚያገኘው ከክሊክ ከሆነ፣ ክሊክ ማድረግ የለመዱ ሰዎችን ይፈልጋል። እነሱ ደግሞ ጥቂት ናቸው። ኮምስኮር የተባለው የመለኪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አሜሪካ ተጠቃሚዎች ባወጣው ጥናት፣ ከጠቅላላው የማስታወቂያ ክሊክ 85 በመቶው የመጣው ከ8 በመቶ ተጠቃሚዎች ነበር። ዘመኑ ተቀይሯል፤ ያኔ ስልክ እንደ ዛሬው አልነበረም። ነገሩ ግን ያው ነው። ዕቃችሁን ከሚገዙት ሰዎች አብዛኞቹ ማስታወቂያ አይተው ያልፋሉ እንጂ አይነኩም። ዘመቻውን ለክሊክ ስታስገዙት፣ እነዚህን ሰዎች ራሳችሁ ከዝርዝሩ አወጣችኋቸው።

ስልክ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ጨዋታ የሚጫወት ሰው ማስታወቂያውን ሊዘጋ ሲል ይነካዋል። ሕፃን ልጅ የእናቱን ስልክ ይዞ ይነካካል። ይህ ሁሉ ክሊክ ተብሎ ይቆጠራል። መድረኩም «እዚህ ጥሩ ክሊክ አለ» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ወደዚያው ያፈሳል። ይህን ለማወቅ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ መድረኩ ያስከፈላችሁን ክሊክና ድረ ገጻችሁ የመዘገበውን ጉብኝት። ገጹ ሲዘገይ ወይም ሰው ሲመለስ ትንሽ ልዩነት መኖሩ የታወቀ ነው። 2,000 ክሊክ ተከፍሎበት 900 ጉብኝት ብቻ ካያችሁ፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ሳይቆይ ከወጣ፣ ማስታወቂያው የወጣባቸውን መተግበሪያዎች ዝርዝር አውርዱና ክሊኩ ከየት እንደተከማቸ እዩ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ጨዋታዎች ላይ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ብዙዎችን የሚያደናግር ነውና። የምትከፍሉበት መንገድና መድረኩ የሚፈልግላችሁ ነገር ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ናቸው። በሺህ ዕይታ እየከፈላችሁ «ክሊክ ፈልግልኝ» የሚለውን ዓላማ ልትመርጡ ትችላላችሁ። ያኔ ሒሳቡ በሲፒኤም ቢጻፍም እነዚያኑ ክሊክ አድራጊዎች እየገዛችሁ ነው። ስለዚህ የዋጋውን መስመር ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ዘመቻው ሲከፈት የተመረጠውን ዓላማ አረጋግጡ። ስም ለማስተዋወቅ ከሆነ «ብዙ ሰው ይድረስ» የሚለው ነው የሚሻለው።

የክሊክ ግዢ ማስታወቂያውን ራሱንም ያበላሻል። ቡድኑ በየቀኑ የሚገመገመው በክሊክ ቁጥር ከሆነ፣ ጽሑፉ ቀስ በቀስ ወደ ማጓጓት ይሄዳል። «ይህን ሳያውቁ አይግዙ!» የሚል አርዕስት ይመጣል፤ የድርጅቱ ስም ይደበቃል። ምክንያቱም ስሙን ያወቀ ሰው የሚጓጓበት ነገር አይቀረውም። ክሊኩ ያድጋል። ያልነካው ሰው ግን፣ ማለትም ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ፣ የማንን ማስታወቂያ እንዳየ ሳያውቅ አለፈ። ስም ለማስተዋወቅ የሚሠራ ማስታወቂያ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ስሙ፣ መልኩና የሚሸጠው ነገር ገና ከመጀመሪያው ዕይታ መታየት አለበት። ሰውየው ምንም ሳይነካ ቢያልፍ እንኳ ይዞት የሚሄደው ነገር እንዲኖር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስል በሺህ ግዙና ተኙ ማለቴ አይደለም። ሲፒኤም የራሱ ወጥመድ አለው። ዕይታ ተብሎ የሚቆጠረው ማስታወቂያው ገጹ ላይ ሲጫን ነው፤ ሰው ማየቱን አያረጋግጥም። በዘርፉ የተለመደው መለኪያ እንደሚለው አንድ ተራ ምስል ታየ የሚባለው ቢያንስ ግማሹ ስክሪኑ ላይ ለአንድ ተከታታይ ሰከንድ ሲቆይ ነው። ለቪዲዮ ሁለት ሰከንድ ነው። መስፈርቱ ዝቅተኛ ነው። ቢሆንም ርካሹን ከውዱ ለመለየት ይረዳል። አንዱ ሻጭ በሺህ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይላችኋል፤ ከዕይታው በእርግጥ የሚታየው 30 በመቶው ነው። ሌላው 4 ዶላር ይላል፤ የሚታየው 70 በመቶው ነው። የመጀመሪያው በእርግጥ ለታየው ሺህ 8 ዶላር ከ33 ሳንቲም ወጣበት። ሁለተኛው 5 ዶላር ከ71። ርካሽ የመሰለው ተወደደ። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ የሚታየው ድርሻ ስንት እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ። የሚቻል ከሆነም በእርግጥ ለታየው ብቻ የሚከፈልበትን መንገድ ምረጡ።

ሌላው ድግግሞሽ ነው። 250,000 ዕይታ 250,000 ሰው አይደለም። እያንዳንዱ ሰው በአማካይ አምስት ጊዜ ካየው 50,000 ሰው ነው። አማካዩም ይሸፍናል፤ አንዱ ሃያ ጊዜ አይቶ ሲሰለቸው ሌላው አንዴ ብቻ አይቷል። ዘመቻውን ስትከፍቱ አንድ ሰው በሳምንት ከስንት ጊዜ በላይ እንዳያይ ወሰን አስቀምጡለት። ለደንበኛችሁ ስትዘግቡም የደረሰውን ሰው ቁጥር አስቀድሙ። 1,000 ዶላሩን ለ50,000 ሰው ስታካፍሉት አንድን ሰው ለመድረስ 2 ሳንቲም ወጣ። የስም ማስተዋወቅ ዘመቻን ከሌላው ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር ይህ ነው።

ክሊክ ቦታ የለውም ወይ ካላችሁኝ፣ አለው። ሰው የሚፈልገውን ጽፎ በሚፈልግበት ገጽ ላይ ክሊክ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰውየው ራሱ መጥቷልና። ስማችሁን የሚያስረዳው ነገር በአንድ ምስል የማይነገር ሲሆንም፣ ለምሳሌ ረጅም ማብራሪያ የሚፈልግ አዲስ አገልግሎት ሲሆን፣ ገጹን በትክክል ላነበበ ሰው መክፈል ያስኬዳል። ያኔ ግን የምትለኩት ክሊኩን ሳይሆን ንባቡን መሆን አለበት።

በመጨረሻ አለቃችሁ ወይም ደንበኛችሁ «ክሊክ ካላሳያችሁኝ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልስ ይገባዋል። ከምትደርሱት ሰዎች መካከል ጥቂቱን በዕጣ ለዩና ማስታወቂያው እንዳይደርሳቸው አድርጉ። ዘመቻው ሲያልቅ ያዩትንም ያላዩትንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፤ ከእነዚህ ስሞች ውስጥ የትኞቹን ሰምተዋል? የሁለቱ መልስ ልዩነት ዘመቻው የሠራው ሥራ ነው። ትልልቆቹ መድረኮች ይህን መጠይቅ በራሳቸው ያካሂዳሉ፤ በጀታችሁ ግን የተወሰነ መጠን ላይ መድረስ አለበት። የምትጠይቁት ሰው ቁጥርም ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ወገን 400 ሰው ጠይቃችሁ 20 በመቶና 24 በመቶ ካገኛችሁ፣ አራት ነጥብ ጨመርን ብላችሁ አታብስሩ። በዚህ ቁጥር ላይ ያን ያህል ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል። ከእያንዳንዱ ወገን 2,000 ጠይቃችሁ ያው አራት ነጥብ ከወጣ ግን ለደንበኛችሁ ሪፖርት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ።